ታጥቦም የሚሸተው የሩጫ ካናቴራዬ

የፖሊስተር ካናቴራዬ ታጥቦ ሲደርቅ ምንም አይሸትም ነበር። ለብሼው ስሮጥና ሰውነቴ ሲሞቅ ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከብብቱ ያው የቆየ የላብ ሽታ ይነሣል።

መጀመሪያ ወደ ጥጥ ዞርኩ። ሽታው ቀነሰ፤ ነገር ግን ጥጥ ውኃውን ክሩ ውስጥ ስለሚይዘው ከብዶ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። የእንጦጦን ዳገት ጨርሼ ስቆም በጠዋቱ ብርድ ተንቀጠቀጥኩ።

ፖሊስተር ውኃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ላቡ በክሮቹ መካከል ተስቦ ስለሚወጣ ቶሎ ይደርቃል። ቅባት ግን አጥብቆ ይይዛል። ከቆዳችን የወጣው ቅባት ክሩ ላይ ይለጠፍና ባክቴሪያዎች እሱን እየተመገቡ ሽታውን ይፈጥራሉ። እኔ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ አጥቤ የልብስ ማለስለሻ እጨምርበት ነበር፤ ማለስለሻው በቅባቱ ላይ ሌላ ሽፋን ይተዋል።

ማለስለሻውን ተውኩ። ካናቴራውን ገልብጬ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውኃና በዱቄት ሳሙና አንድ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፤ ብብቱን በእጄ አሽቼ በደንብ አለቀልቀዋለሁ። ላብ እንደያዘ በፌስታል ቋጥሬ ማሳደሩንም አቁሜያለሁ። ሽታው መልቀቁን የማውቀው የደረቀውን ብብት በሙቅ ውኃ አርሼ በማሽተት ነው። በሦስተኛው እጥበት ለቀቀ። ዓመታት ያስቆጠረ ሌላ ካናቴራ ግን እምቢ ስላለኝ ጣልኩት።

ግማሽ ጥጥ የሆነውን ቅይጥ ካናቴራ ለአጭር የጂም እንቅስቃሴ አስቀርቻለሁ፤ ለቆዳ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ከፖሊስተር ይዘገያል።