ትግልህን በ15 ሰከንድ ለመንገር፣ ከመሃሉ ጀምር

ለቲክቶክ የራሳችሁን ታሪክ ስትቀርጹ ከመጀመሪያው ቀን አትነሡ። አስቀድማችሁ መታጠፊያውን ጻፉ፤ ማለትም ነገሩ በተለወጠበት ቀን በእጃችሁ ያደረጋችሁትን አንድ ነገር። "ተስፋ አልቆረጥኩም" መታጠፊያ አይሆንም፣ ካሜራ አያየውማ!

ጓደኛዬ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የለፋበትን ሲያወራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ስለ ማሠልጠኛው፣ ስለ ክፍያው፣ ስለ ፈታኙ ፊት... ሁሉንም አውጥተን ይህ ቀረ፦

"ለሦስተኛ ጊዜ ፈተና ወድቄ ስወጣ አባቴ ደወለ፤ አላነሳሁም። በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ አራት ባዶ ጄሪካን ደርድሬ፣ በወንድሜ መኪና ወደኋላ መግባት ብቻ ተለማመድኩ። ዛሬ አባቴን ከመናኸሪያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እየነዳሁ።"

ሠላሳ ቃል ገደማ ነው፤ በተረጋጋ ድምፅ 15 ሰከንድ ይሞላል። መውደቁ አራት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ረጅሙን ጊዜ ለጄሪካኖቹ ስጡ፤ ተመልካቹ "እንዴት?" የሚለው እዚያ ላይ ነውና። አባትየው መጀመሪያም መጨረሻም ላይ መምጣቱን ልብ በሉ። "አለፍኩ" የሚል ቃል የሌለው ለዚህ ነው፣ መሪው ላይ ያለው እጅ ይናገራል።

በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከ15 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነት አትጨምሩ፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አሳጥሩ። ድምፁን አጥፍታችሁም እዩት፤ ምን እንደተለወጠ ካልገባችሁ የጎደለው ቃል ሳይሆን የጄሪካኑ ምስል ነው። (ጄሪካኖቹ ከተነሡ ደግሞ መልሶ መደርደር ነው፤ እኛም እንደዚያ አደረግን።)