ስብከት ቆርጣችሁ ለምትለቁ
እዚህ ለገጣፎ አካባቢ የእሁዱን ስብከት እየቆረጣችሁ ቲክቶክና ሾርትስ ላይ የምትለቁ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጣም የሚያሳስተው ቦታ ሰባኪው የሌላ ሰው ሐሳብ አንስቶ መልስ የሚሰጥበት ጋ ነው። ለምሳሌ ኢሳይያስ 58ን ሲያስተምር ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጾም ምን ይጠቅማል፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብ አይደል?" ይልና ትንሽ ዝም ብሎ "የሚሉ አሉ" ይላል፣ መልሱ ገና ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ዝም ያለበት ጋ ከቆረጣችሁት ራሱ ጾምን የነቀፈ ይመስላል፣ ያውም ለክሊፕ የሚያጓጓው እሱ ቦታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መልሱ የሚያልቅበትን ፈልጉ፣ ከዛ ወደኋላ ሄዳችሁ ጥያቄው ከመጀመሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ሁለት ደቂቃ ቢሞላም ይሙላ፣ ሾርትስ እስከ 3 ደቂቃ ይቀበላል። ጥያቄውን ክፍል 1 መልሱን ክፍል 2 እንዳታደርጉት በናታችሁ፣ ብዙ ሰው ሁለተኛውን አያየውም። ሳልና ረጅም ዝምታ ማውጣት ችግር የለውም፣ "ግን" ብሎ የሚቀጥለውን ግን አትንኩ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ስብከቱን ላልሰማ ሰው አሳዩትና ምን አለ በሉት፣ የሚነግራችሁ ከሙሉው ጋር ካልገጠመ መነሻውን ወይ መጨረሻውን አስረዝሙት። የሙሉውን ሊንክም ከነደቂቃው ታች አስገቡ።