የግእዝ ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ ጊዜውና አሉታው እንዳልተለወጠ እንዴት ይታያል?

በጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም በደብረ ኤልያስም፣ ግስ ሲወርድ አራቱ አናቅጽ፣ ኀላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድና ትእዛዝ፣ በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ፦ «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ፣ ይቅትል ይግደል።» ይህች አንዲት መስመር ለማረም ከረጅም የሰዋስው ማብራሪያ ትበልጣለች። በሰንበት ትምህርት ቤት ግእዝ የጀመረ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመጣላችሁ የምትመዝኑትም በእሷ ነው።

ልጁ ይህን ዓረፍተ ነገር ተርጉም ተብሎ ነበር እንበል፦

«ኢይጽሐፍ ረድእ ዘንተ መጽሐፈ እስከ ይመጽእ መምህሩ።»

የጻፈው ደግሞ ይህን ነው፦ «ተማሪው መምህሩ እስኪመጣ ይህን መጽሐፍ አይጽፍም።» ሲነበብ ያምራል፤ ባለቤቱም ተሳቢውም በቦታቸው ናቸው። ስለዚህ ብዙ አራሚ ትክክል ምልክት አድርጎ ያልፈዋል።

መጀመሪያ አሉታውን ከሁለቱም ላይ አንሱት። ከግእዙ ላይ «ኢ» ሲወርድ «ይጽሐፍ» ይቀራል። ከአማርኛው ላይ አሉታው ሲነሣ «ይጽፋል» ይሆናል። ቀጥሎ የግሱን እርባታ ከላይ እንደተባለው አውርዱት፦ ጸሐፈ ጻፈ፣ ይጽሕፍ ይጽፋል፣ ይጽሐፍ ይጽፍ ዘንድ፣ ይጽሐፍ ይጻፍ። «ይጽፋል» የ«ይጽሕፍ» ፍቺ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ግን «ይጽሐፍ» ነው፤ ልዩነቱ የ«ሕ» እና የ«ሐ» ብቻ ነው። ዘንድና ትእዛዝ በመልክ አንድ ስለሆኑ የሚለያቸው ቦታቸው ነው፤ ፊቱ ላይ «ከመ» ቢኖር «እንዳይጽፍ» ይባል ነበር። እዚህ «ከመ» የለም፣ ግሱም ዓረፍተ ነገሩን የሚያስር ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ ስለዚህ ትእዛዝ ነው። አሉታውን መልሱበት፦ «ተማሪው መምህሩ እስኪመጣ ይህን መጽሐፍ አይጻፍ።» ልጁ ክልከላውን ወሬ አድርጎት ነበር ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ግእዙን በእጃችሁ ሸፍኑና ልጁ የራሱን አማርኛ ወደ ግእዝ ይመልሰው። «አይጽፍም» ብሎ ከጻፈ «ኢይጽሕፍ» ይወጣዋል። እጃችሁን ስታነሡ ስሕተቱን ራሱ ያየዋል፣ እናንተ መናገር አያስፈልጋችሁም።

ይህ ስሕተት በብዛት የሚመጣው የአማርኛ ጆሮ ስለሚያታልል ነው። በተለይ በ«ቀደሰ» ቤት ያሉ፣ ማለትም እንደ «ቀደሰ» የሚረቡ ግሶች ላይ ተጠንቀቁ። እርባታው «ቀደሰ፣ ይቄድስ፣ ይቀድስ፣ ይቀድስ» ነው። «ኢይቀድስ ካህን» የሚለውን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው «ካህኑ አይቀድስም» ይላል፤ ትክክሉ ግን «ካህኑ አይቀድስ» ነው። «አይቀድስም» ለማለት ግእዙ «ኢይቄድስ» ይላል። እንግዲህ በ«ቀተለ» ቤት መልክ ሌላውን ግስ መገመት አይቻልም፤ ግሱ የየትኛው ቤት እንደሆነ ሳይለዩ ማረም በዘፈቀደ ነው።

አሉታው የወደቀበትን ቦታም እዩ። «ኢጸሐፈ ዮሐንስ» ማለት «ዮሐንስ አልጻፈም» ነው። «አኮ ዮሐንስ ዘጸሐፈ» ግን «የጻፈው ዮሐንስ አይደለም» ማለት ነው፤ ጽሕፈቱ አለ፣ የተካደው ጸሐፊው ነው። ሁለተኛውን «ዮሐንስ አልጻፈም» ብሎ የተረጎመ ልጅ አሉታውን አልጣለም፤ ቦታውን ነው ያዛወረው። «ታዲያ ሌላ ሰው ጽፏል?» ብላችሁ ጠይቁት። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ አይታወቅም፣ በሁለተኛው ግን አዎ ነው።

አሉታ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። «ዘእንበለ ይምጻእ መምህር ሖረ ረድእ» ውስጥ «ኢ»ም «አኮ»ም የለም፤ አማርኛው ግን «መምህሩ ሳይመጣ ተማሪው ሄደ» ይላል። ልክ ነው፣ አታርሙት። «አልቦ ዘኢመጽአ» ላይ ደግሞ ሁለት አሉታ አለ፤ «ያልመጣ የለም» ተብሎ ሁለቱም ይጠበቃሉ። «ሁሉም መጣ» ብሎ ያቀና ተማሪ ፍሬ ነገሩን አልሳተም፤ ለመለማመጃ ግን እኔ አልቀበለውም፣ አሉታውን ማየት መቻሉን አላሳየኝምና።

የኀላፊው ጉዳይ ግን በእርባታ ብቻ አይፈታም። «ሶበ በጻሕነ ሖረ መምህር» ቢባል «በደረስን ጊዜ መምህሩ ሄደ» ወይስ «ሄዶ ነበር»? «ሖረ» ሁለቱንም ይሸከማል። አማርኛው መምረጥ ስላለበት ከፊትና ከኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፤ ቀጥሎ ተሰነባበትን የሚል ካለ «ሄደ» ነው፣ አጣነው የሚል ካለ «ሄዶ ነበር»። ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ከተሰጠ ግን ሁለቱንም ትክክል በሉለት።