ስልክ ላይ ያማረ ፎቶ ፍሬም ሲገባ ለምን ይደበዝዛል?

ሐምሌ ላይ የአክስቴ ልጅ ተመረቀች። ገዋኗን ለብሳ፣ ሳሎን ውስጥ ነጭ ግድግዳ ጥግ ቆማ በስልክ ፎቶ አነሷት። ወንድሟ ማታውኑ ግድግዳውን አጥፍቶ አደይ አበባ የሞላበት ሜዳ ላይ አቆማት። (በሐምሌ አደይ አበባ ከየት መጣ ያለ ሰው የለም።) ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፣ ላይኩ ጎረፈ። ከሳምንት በኋላ አክስቴ ያንኑ ፎቶ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳጥባ ፍሬም ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ደወለችልኝ።

«ልጄ ፊቷ ላይ ጭጋግ ገብቶበታል እኮ! የቆቧም ጫፍ የለም። እስቲ ና እየው።»

ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ጥፋቱ ግን የፎቶ ቤቱ አልነበረም። ጀርባው የተቀየረ ፎቶ የራሱ አመል አለው፤ ያየሁትን በየተራ ልንገራችሁ።

ችግር፦ ስልክ ላይ ጥርት ያለ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ፊቱ ደብዝዟል

መጀመሪያ የፋይሉን መጠን አየሁ። 3543 በ4724 ፒክስል ነው። ለ30 በ40 ወረቀት ልክክ ያለ ቁጥር ነው። ፎቶ ቤቱም ይህንኑ አይቶ «በቂ ነው» ብሎ አተመው። ታዲያ ምን ሆነ?

ፋይሉ ትልቅ ነው። ትንሿ ልጅቷ ናት።

ስልኩ ያነሳው ዋናው ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ነበር። እሷ ከቆቧ እስከ ጫማዋ 3200 ፒክስል ትሆናለች። ወንድሟ ጀርባውን ያስወገደው ግን በነፃ በሚሠራ ድረ ገጽ ነው። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ በነፃ የሚሰጡት አነስተኛውን ቅጂ ነው፤ ትልቁን በክፍያ። እሱ ያወረደው 433 በ577 ፒክስል ነበር። እዚያ ውስጥ ልጅቷ ከራስ እስከ እግር 460 ፒክስል ብቻ ናት። ይህችን ትንሽ ምስል ትልቁ ሜዳ ላይ አስቀምጦ ጎትቶ አሳደጋት። ሲያሳድጋት ኮምፒውተሩ የጎደሉትን ፒክስሎች በግምት ሞላቸው። ጭጋጉ ያ ግምት ነው።

ስለዚህ ጀርባው የተቀየረ ፎቶ ሲሆን የሚለካው ፋይሉ ሳይሆን ሰውየው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በእጅ ይዘን ወይም ተጠግተን የምናየው ጥሩ ህትመት 300 ዲፒአይ ይባላል፤ ይህም በአንድ ሴንቲ ሜትር 118 ፒክስል ማለት ነው። 150 ዲፒአይ ደግሞ 59 ፒክስል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ከ59 በታች ባልወርድ እመርጣለሁ።

ልጅቷ 40 ሴንቲ ሜትሩ ወረቀት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ትቆማለች። 460ን ለ30 ስናካፍል 15 ይሆናል። አበቃ፣ ምርመራው ይኸው ነው። በዋናው ፎቶ ቢሆን ኖሮ 3200 ለ30 ሲካፈል 107 ይሆን ነበር። 300 ዲፒአይ ባይሞላም በዓይን አይለይም። ስልክ ላይ ለምን አማረ ካላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ቁመቷ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 460 ለ7 ሲካፈል 66 ይደርሳል፤ ለዓይን በቂ ነው።

አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ይገባና 72 ዲፒአይ የሚለውን 300 ብሎ ይቀይራል። ፒክስሉ እስካልጨመረ ድረስ ያ ቁጥር ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ፊቷን አያጠራውም።

መፍትሄው ከዋናው ፎቶ እንደገና መጀመር ነው። ግን የተቆረጠውን ትንሽ ምስል አትጣሉት፤ ቅርጹ ይጠቅማል። እኔ ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ያደረግሁት ይህን ነው። ዋናውን 3000 በ4000 ፎቶ ከፈትኩ። ትንሹን የተቆረጠ ምስል በ File > Open as Layers ከላዩ እንደ ሁለተኛ ንጣፍ፣ ማለትም ሌየር፣ አመጣሁና ሌየሩን በ Layer > Scale Layer 3000 በ4000 አደረግሁት። ሁለቱ ሲደራረቡ ልጅቷ በልጅቷ ላይ ትገጥማለች። (ካልገጠመች ድረ ገጹ ጠርዙን ቆርጦባችኋል ማለት ነው፤ በእጅ አስተካክሉት።) ከዚያ Layer > Transparency > Alpha to Selection ስል ቅርጿ ብቻ ተመረጠ። ወደ ዋናው ፎቶ ሌየር ተመልሼ ከተመረጠው ውጪ ያለውን የሚደብቅ ማስክ ጨመርኩና ምንጩን Selection አልኩት። ከላይ ያለውን ደብዛዛ ሌየር አጠፋሁ። ግድግዳው ጠፋ፣ ልጅቷ ግን በ3200 ፒክስሏ ቀረች። ቅርጹ ወደ 7 እጥፍ ስላደገ ጠርዙ ለስለስ ይላል። በተለይ ፀጉሯ አካባቢ ማስኩን በትንሽ ብሩሽ ማስተካከል ነበረብኝ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ፊቷን ግን አልነካሁትም፤ ዋነኛው ነገር እሱ ነው።

ችግር፦ ቆቡ ወይም እግሩ ተቆርጧል

ወንድሟ አበባው ከእግሯ ስር በደንብ እንዲታይ ብሎ ወደ ላይ ገፍቷታል። የቆቧ ጫፍ ከወረቀቱ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይርቅ ነበር። ጠርዝ በጠርዝ ሲታተም ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይበላል። የፍሬሙ ከንፈር ደግሞ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ቆቧ ከዚህ በላይ ዕድል አልነበራትም። ወንድሟን ስጠይቀው ኢንስታግራም ላይም በ4:5 ሲለጥፈው ያው ቆብ ተቆርጧል፤ ልብ ያለው አልነበረም እንጂ።

ተራ ፎቶ ቢሆን ማድረግ የሚቻለው መቁረጥ ብቻ ነው። ጀርባው ሲቀየር ግን ሰውየውና ሜዳው ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ አትቁረጡ፤ ሰውየውን አንቀሳቅሱት። ለዚህ ነው ሌየሮቹን ሳይዋሃዱ ማስቀመጥ ያለባችሁ። ወንድሟ አዋህዶ ጄፔግ ብቻ ስላስቀረ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁት።

የምጀምረው ሁልጊዜ ከትልቁ ነው፤ ከህትመቱ። 3543 በ4724 የሆነ ባዶ ሸራ ከፈትኩ። ልጅቷን ሳስቀምጥ ከቆቧ በላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫማዋ በታች 6.5 ሴንቲ ሜትር ተውኩ። ፍሬሙ የፈለገውን ቢሸፍን ቆቧ አይነካም። ይኸው ሥራ ወደ 4:5 ሲቆረጥ ከቁመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ከላይና ከታች እኩል ቢሄድ እንኳ ከቆቧ በላይ 2.25 ይቀራል። ከዚያ ወደ 1080 በ1350 ማሳነስ ነው።

ስቶሪ ላይ ግን መቁረጥ አያዋጣም። 1080 በ1920 ነው፣ ቀጭንና ረጅም። ከላይ የስም መስመር፣ ከታች መልስ መጻፊያው ስለሚያርፉበት በየጫፉ 250 ፒክስል ያህል ነፃ መሆን አለበት። መሃል ላይ የሚቀረው 1420 ነው። እዚያ አዲስ ሸራ ከፍታችሁ ልጅቷን 1400 ፒክስል አድርጋችሁ አስገቡ። ካሬም ቢሆን እንደዚያው ነው። 30 በ40ውን ካሬ ብትቆርጡት 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ እሷም 30 ናት፣ ቆቧና ጫማዋ ጠርዝ ይነካሉ። ልጅቷን አሳንሱ፣ ሜዳውን አስፉ። ማሳነስ ጥራት አይጎዳም።

አደራ፣ እንዲገጥም ብላችሁ በአንድ ጎን አትጎትቱ። ፊት ከረዘመ ወይም ትከሻ ከሰፋ ያ ነው ምክንያቱ። ወርድና ቁመቱን የምታስተሳስረው የሰንሰለት ምልክት ተቆልፋ ትቆይ።

ችግር፦ ሰውየው ስቲከር የተለጠፈ ይመስላል

ትልቅ ሲታተም ብቻ የሚጋለጥ ነገር ነው። በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል፤ የሳሎኑ ግድግዳ ትራፊ ነው። 3 ፒክስል ስፋት ያለው መስመር ስልክ ላይ ሲያንስ አንድ ፒክስል ስለሚሆን ማንም አያየውም። ወረቀት ላይ ግን ሩብ ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥቁር ገዋን አረንጓዴ ሜዳ ላይ ሲሆን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ማስኩን 2 ወይም 3 ፒክስል ወደ ውስጥ አጥብቡና ጠርዙን በ1 ፒክስል አለስልሱ። ይህን የምትሠሩት በትልቁ ፋይል ላይ፣ 100% አጉልታችሁ እያያችሁ ነው። ስክሪኑ ላይ ሙሉውን ፎቶ እያያችሁ ከሆነ ምንም አላያችሁም።

ሜዳው ራሱስ? ከስልክ የተወሰደ 4000 በ3000 የሆነ አግድም ፎቶ ሸራውን እንዲሞላ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህ ችግር የለውም፤ ከሰው ጀርባ ያለ ነገር ትንሽ ቢለሰልስ ካሜራው ያደበዘዘው ይመስላል። ወንድሟ ያወረደው ግን 1200 በ800 ነበር፤ ወደ 6 እጥፍ አድጎ አበባው ካሬ ካሬ ሆኗል። ሌላ ሜዳ ካላገኛችሁ ካሬዎቹ እስኪጠፉ አደብዝዙት። የደበዘዘ አበባ ከተሰባበረ አበባ ይሻላል። የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፤ ሜዳው ጥርት ብሎ ሰው ከደበዘዘ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ችግር፦ ሁሉም ትክክል ነው፣ ፎቶ ቤት ሲደርስ ግን አንሷል

ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ልካችሁታል። ሲላክ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩት ወይም በፍላሽ ውሰዱ። የሚወሰደው በከፍተኛ ጥራት የወጣ ጄፔግ ነው፤ ባለ ሌየሩ ፋይል ቤት ይቀመጥ።

ትልቁን ከማሳተሜ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ከትልቁ ፋይል ላይ ፊቷ ያለበትን 1181 በ1772 ፒክስል ቆርጬ፣ ሳላሳድግና ሳላሳንስ በ10 በ15 ወረቀት አሳጠብኩት። ትልቁ ፎቶ ላይ ፊቷ የሚኖረው ጥራት በትክክል ያው ነው፤ ዋጋው ግን የትንሽ ፎቶ ነው። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ሽፋሽፍቷ ሳይቀር!» አለች። ትልቁ በማግስቱ ታተመ። ሙከራዋንም አልጣለችም፤ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክታታለች።