ኢንቦክስ ሲሞላ የአሳይመንት ቀን የሚያስመልጡ ስህተቶች

ቀን የሚያመልጠው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ኢሜይሉ ሳይደርሰው ቀርቶ አይደለም። ደርሶታል፤ ከፍቶም አይቶታል። ቀኑ ግን እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ከፍቶ መተው። ሰልፍ ላይ ቆመው የመምህሩን መልእክት ይከፍቱና «ማታ አየዋለሁ» ብለው ይዘጉታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መልእክቱ የተነበበ ነው፤ ከሌሎቹ አይለይም። እስከ ማታ ደግሞ የማስታወቂያ መዓት ከላዩ ይደረደራል። ቀኑን ወዲያው ካላንደር ላይ ይያዙት። ካልተመቸዎት `Mark as unread` ያድርጉት።

በላኪው አድራሻ ማጣራት። በጣም የምፈራው ይሄንን ነው፤ ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅማ። እንደ ሙድል ካሉ የትምህርት ሲስተሞች የሚመጡ መልእክቶች ብዙውን ጊዜ ላኪያቸው አንድ `noreply` አድራሻ ነው። የክፍል ጓደኛ ፎረም ላይ የጻፈው «አመሰግናለሁ»ም፣ «የማስረከቢያው ቀን ተቀይሯል» የሚለው ማስታወቂያም ከዚያው ይመጣሉ። የተማረረ ተማሪ ጂሜይል ላይ ለአድራሻው ፊልተር ይሠራና `Skip the Inbox` የሚለውን ይመርጣል። ኢንቦክሱ ጭር ይላል፤ ቀኑ መቀየሩንም ሳይሰማ ይቀራል።

የሚሻለው ግርግሩን ከምንጩ መቀነስ ነው። ሙድል ውስጥ ገብተው ከማይከታተሏቸው የውይይት ፎረሞች፣ መምህሩ አስገዳጅ ካላደረጋቸው፣ ምዝገባዎን ይሰርዙ። `Announcements` የሚለውን ግን አይንኩት። መልእክቶቹን በቀን አንዴ ጠቅልሎ የሚልከው የ`digest` ምርጫም አለ፤ ነገር ግን አስቸኳዩን ማስታወቂያ ጭምር ሊያዘገይብዎት ይችላል።

እኩለ ሌሊትን ማምታታት። ማስረከቢያው `Friday, 12:00 AM` ይላል እንበል። ይህ ሐሙስ አልቆ አርብ የሚገባበት ሰዓት ነው። «አርብ ማታ እልካለሁ» ያለ ተማሪ አንድ ቀን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚዘገየው። ካላንደር ላይ «ሐሙስ ማታ» ብለው ቢይዙት ይሻላል። ሲስተሙ ፋይሉን መቀበሉም አያዘናጋዎት። ሙድል `Due date` ካለፈ በኋላ እስከ `Cut-off date` ድረስ ሊቀበል ይችላል፤ ዘግይቶ የገባ ብሎ ግን ይመዘግበዋል።

የመጀመሪያውን ኢሜይል ብቻ ማመን። ጂሜይል ምላሾችን አንድ ላይ ስለሚያከማች አዲሱ ቀን ከታች ሊደበቅ ይችላል። እስከ መጨረሻው ይውረዱ፤ ከዚያ ከአሳይመንቱ ገጽ ጋር ያመሳክሩት። ሁለቱ ካልተስማሙ መምህሩን መጠየቅ ነው፤ ለ`noreply` መልስ በመስጠት ሳይሆን በራሳቸው አድራሻ። የእሳቸውም ኢንቦክስ ሞልቷልና ኮርሱንና አሳይመንቱን ርዕሱ ላይ ይጥቀሱ፦

> ርዕስ፦ ስታቲስቲክስ፣ ሴክሽን 2፦ የአሳይመንት 3 ማስረከቢያ ቀን
>
> ጤና ይስጥልኝ መምህር። በኢሜይል የላኩልን ቀን ሐሙስ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ደግሞ ቅዳሜ ይላል። የትኛውን እንያዝ? ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከታች አለ። አመሰግናለሁ።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ካላንደሩ ላይ የሚቀመጠው ሐሙስ ነው።