በ«እናመሰግናለን» ፈንታ፦ ውሳኔ የሚጠይቅ የመዝጊያ ስላይድ አዘገጃጀት

የ12 ደቂቃ ገለጻ ተከትሎት የሚመጣው ውይይት ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚቆየው የመጨረሻው ስላይድ ነው። እዚያ ላይ የአበባ ሥዕልና «እናመሰግናለን» ብቻ ካለ፣ ሊወስኑ የተሰበሰቡት ሰዎች ምን እንደተጠየቁ የሚያስታውሳቸው ነገር የለም። ምስጋናውን በአፍዎ ይናገሩት፤ ስላይዱ ግን ጥያቄዎን ይያዝ።

አንድ ጤና ጣቢያ ለወረዳው ካቢኔ የክትባት ማቀዝቀዣ እንዲገዛለት ጥያቄ የሚያቀርብበትን ገለጻ እንውሰድ። የብሩ መጠንና ቀኖቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው።

1. መዝጊያውን መጀመሪያ ይጻፉ። ሌሎቹን ስላይዶች ከመንካትዎ በፊት «ስብሰባው ሲበተን ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንዲያደርግ እፈልጋለሁ?» ለሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱ። መልሱ ካልመጣልዎ ችግሩ ያለው ገለጻው ላይ ነው፤ መዝጊያውን ማሳመር አያድነውም። የተሰበሰቡት ሰዎች የመወሰን ሥልጣን ከሌላቸው ደግሞ ሊያደርጉት የሚችሉትን ይጠይቁ፦ ለምሳሌ ጉዳዩን ለካቢኔው በአጀንዳነት እንዲያስይዙ።

2. አድራጊውን አይደብቁ። የቢሮ አማርኛችን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጨዋ ነው፤ ግን ማን ምን እንደሚያደርግ አይናገርም፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላው ሰው የተጠየቀ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ለበላይ አካል «አጽድቁ» ብሎ መጻፍ ያስቀይማል። መሃል መንገዱ ይህ ነው፦ «ካቢኔው 420,000 ብር ዛሬ እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን።» አክብሮቱ አልጎደለም፤ አድራጊው፣ መጠኑና ጊዜውም ታውቀዋል።

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ መሆኑንም አይርሱ። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት መስመር ከሞላ፣ የተጠየቀው ነገር የሚገኘው ሦስተኛው መስመር ጥግ ላይ ነው። ከ10 ቃላት ባይበልጥ ጥሩ ነው።

3. ስላይዱን ይሙሉ፣ ግን አያጨናንቁ። ለጤና ጣቢያው ይህ ይበቃል፦

> ካቢኔው ለክትባት ማቀዝቀዣ 420,000 ብር ዛሬ እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን
> ምክንያት፦ ክትባቶቻችን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለባቸው፤ ያለን ማቀዝቀዣ ይህን አይጠብቅም
> ቀጣይ፦ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ግዥውን እስከ ሰኔ 15 ይጨርሳል
> ለማብራሪያ፦ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ስልክ …

ቀኑ ሰኔ 15 የሆነው የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነው። «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል ይህን ሥራ አይሠራም፤ በአስቸኳይ ማለት ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ቀን ነው። ሁለት ጥያቄ ካለዎት ዋናውን ብቻ እዚህ ያስቀምጡ፤ ሁለት ሲቀርብ ቀላሉ ይጸድቅና ከባዱ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

የግዕዝ ፊደል ቅርጹ ውስብስብ በመሆኑ ከሩቅ ሲታይ «ጸ» እና «ጰ» ይምታታሉ። ዋናውን ዓረፍተ ነገር በ40፣ የቀረውን ቢያንስ በ28 መጠን ይጻፉ፤ ከዚያ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንብቡት። ኪውአር ኮድ መጨመር ካሰቡ፣ በተለመደው ስሌት ስፋቱ የርቀቱን አንድ አሥረኛ ያህል መሆን አለበት። 8 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው 80 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ኮድ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ቦታ ስለማይኖርዎ በወረቀት አትመው ያድሉት።

4. ስላይዱ ከግድግዳው እንዳይጠፋ ያድርጉ። ፓወር ፖይንት ላይ ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ አንድ ጊዜ ከተጫኑ ጥቁር ገጽ ይመጣል፤ ደግመው ከተጫኑ ፋይሉ ተከፍቶ ይታያል። መዝጊያውን በ`Ctrl+D` ሁለት ጊዜ ያባዙት፤ ሳያስቡት ቢጫኑም የሚመጣው ያው ጥያቄ ይሆናል። በውይይቱ መሃል አንድ ሠንጠረዥ ለማሳየት ወደ ኋላ ከተመለሱ፣ የመዝጊያውን ቁጥር (ለምሳሌ 11) ጽፈው `Enter` ሲጫኑ ወዲያው ይመለሳሉ።

5. በአፍ ሲዘጉ ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ያንብቡትና ዝም ይበሉ። «ጥያቄ ካለ…» ብለው ከቀጠሉ ሰዉ ትኩረቱን ወደ ዝርዝሩ ያዞራል። መድረኩን ለሰብሳቢው ይተዉለት።

ያንኑ ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ለቃለ ጉባኤ ያዡ ይስጡ። ቃለ ጉባኤው ሲመጣ «በጉዳዩ ላይ ውይይት ተደርጓል» ብቻ የሚል ከሆነ ውሳኔ አልተሰጠም ማለት ነው፤ በማግስቱ ለሰብሳቢው ደውለው ጥያቄው በየትኛው ቀን አጀንዳ እንደሚያዝ ይጠይቁ።