ተከፍቶ የሚያድር ወይን ጠጅ፦ ችግሩን ከምልክቱ መለየትና መፍትሄው

አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ እሑድ ለምሳ ተከፍቶ ግማሹ ተጠጣ፤ ቡሹ ተመልሶ ተደፈነና ጠርሙሱ ቡፌ ላይ ተቀመጠ። ረቡዕ ማታ ሲቀዳ ግን ጣዕሙ የእሑዱ አልሆነም። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ቡሹን ነው። ቡሹ ግን ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል፤ ችግሩ ከውጭ የገባው አየር ሳይሆን ቡሹ ሲደፈን ከወይን ጠጁ ጋር አብሮ የተዘጋበት አየር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ጉዳዩ ምን ያህል እንደ ራቀ ያሳያሉ።

ምልክት፦ መዓዛው ጠፍቷል፣ ጣዕሙም ደብዝዟል፤ መጥፎ ሽታ ግን የለውም

ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በፋብሪካ የታሸገ ወይን ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ ሰልፋይት የተባለ መከላከያ በጥቂቱ ይገባበታል። ኦክስጅን ወደ ወይን ጠጁ ሲሟሟ ቀለምና የመጎምዘዝ ጣዕም ከሚሰጡት ውህዶች ጋር ይጣመራል፤ ሰልፋይቱም ከዚህ የሚመጣውን ጉዳት እየተቀበለ ራሱ ያልቃል። ሰልፋይቱ እየሳሳ ሲሄድ ቀድሞ የሚጠፋው የፍሬው መዓዛ ነው።

የእሑዱን ጠርሙስ በቁጥር ብናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ በመሆኑ ግማሹ ሲጠጣ 375 ሚሊ ሊትር ወይን ጠጅና ያንኑ የሚያህል አየር ይቀራል። በባሕር ወለል ደረጃ ያን ያህል አየር 100 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ 80 ሚሊ ግራም ይወርዳል። በአንጻሩ ወይን ጠጁ በሊትር 30 ሚሊ ግራም ነጻ ሰልፋይት ነበረው ብንል፣ በቀሪው ግማሽ ውስጥ ያለው 11 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ግራም ኦክስጅን አራት ሚሊ ግራም ያህል ሰልፋይት ስለሚጨርስ መከላከያውን በሙሉ ለማሟጠጥ ሦስት ሚሊ ግራም የማይሞላ ኦክስጅን ይበቃል። ጠርሙሱ ውስጥ የተዘጋበት ደግሞ ከዚያ 25 እጥፍ የሚበልጥ ነው። ቡሹን አጥብቆ መድፈን ብቻውን የማይጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሄው አየሩን በወይን ጠጁ መተካት ነው። ሁሉም እንደማይጠጣ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ጠርሙሱ እንደ ተከፈተ ማንም ሳይጠጣ ግማሹን ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ወደሚዘጋ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ፣ በጎኑ ዘንበል አድርጎ በቀስታ መገልበጥ፣ እስከ አፉ መሙላት፣ መክደንና ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። አንገቱ ላይ የሚቀረው አምስት ሚሊ ሊትር አየር ከሆነ የሚይዘው ኦክስጅን አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ይህን ሰልፋይቱ ይችለዋል። ሲገለበጥም ጥቂት ኦክስጅን መግባቱ አይቀርም፤ በቀስታ መቅዳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እንዲህ የተቀመጠ ወይን ጠጅ ሳምንት ያህል ያለ ችግር ይቆያል። ምሳው ካበቃ በኋላ የተረፈውን መገልበጥ ግን ያን ያህል አያስተማምንም፤ ለሰዓታት አየር አግኝቷልና።

ተስማሚ የመስታወት ጠርሙስ ከጠፋ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ያገለግላል። ወይን ጠጁ እስከ አፉ ባይደርስ እንኳ ፕላስቲኩን ጫን አድርጎ ፈሳሹ ወደ አንገቱ ሲወጣ መክደን ይቻላል፤ ይህን መስታወት አያደርገውም። ፕላስቲክ ኦክስጅንን ቀስ በቀስ ስለሚያስገባ ግን ከጥቂት ቀን በላይ አይታመንም። ለስላሳ መጠጥ የነበረበትን ፕላስቲክ አልመክርም፤ ሽታው አይለቅም።

ምልክት፦ ተቆርጦ የቆየ ፖም ይሸታል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ሄዷል

በነጭ ወይን ጠጅ ላይ ቢጫው ይጠቁራል፤ በቀዩ ላይ ደግሞ ብርጭቆው ዘንበል ሲል ጠርዙ የጡብ ቀለም ያሳያል። እዚህ ላይ መከላከያው አልቋል። በኦክሲዴሽኑ ሂደት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ይህም በጥቂቱ ያለው ብረት አግዞት አልኮሉን ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጠዋል። የፖሙ ሽታ የእርሱ ነው። እዚህ ደረጃ የደረሰ ወይን ጠጅ አይመለስም፤ ሽታው ቀላል ከሆነ ለወጥ ወይም ሥጋ ለመዘፍዘፍ ይውላል።

ለቀጣዩ ጊዜ ዋናው ረዳት ቅዝቃዜ ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ፍሪጅ አይገባም የሚለው ልማድ ላልተከፈተው እንጂ ለተከፈተው አይሠራም። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ኦክስጅንን በብዛት እንደሚያሟሟ ጠቅሶ የሚከራከር አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ኬሚካዊው ለውጥ ራሱ ከዚያ ይበልጥ ስለሚዘገይ በመጨረሻ የሚያተርፈው ቅዝቃዜው ነው። ጠርሙሱ ሳይጋደም ቆሞ ይቀመጥ፤ ሲጋደም አየር የሚነካው ገጽ ይሰፋል። ግማሽ የቀረ ጠርሙስ በዚህ መንገድ ሦስት ቀን ያህል ይጠጣል። ቀዩ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው ቢቀመስ ይጎመዝዛል፤ ይህ የብርድ እንጂ የብልሽት ምልክት ስላልሆነ ግማሽ ሰዓት ውጭ ካቆዩት በኋላ ይፍረዱ።

ምልክት፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም አቼቶ ይሸታል

ይህ የባክቴሪያ ሥራ ነው። አሴቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ አቼቶው አሲድ የሚለውጠው አየር ሲያገኝ ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስለው ሽታ ደግሞ አሲዱ ከአልኮሉ ጋር ተጣምሮ ከሚሰጠው ኢቲል አሲቴት ይመጣል። ባክቴሪያውን ይዘው ከሚመጡት መካከል በፍራፍሬ ላይ የሚያንዣብቡት ጥቃቅን ዝንቦች ይገኙበታል። ስለዚህ ጠርሙስ በሰዓታት ግብዣ መካከል እንኳ ክፍት አይተው። እንዲህ የሸተተ ወይን ጠጅ ለምግብም አይሆንም፤ ይደፋ።

ምልክት፦ ፓምፕ ተገዝቶም ወይን ጠጁ ተበላሽቷል

የጎማ ክዳን ያለው አየር መሳቢያ ፓምፕ አየሩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በእሑዱ ጠርሙስ ላይ ሦስት አራተኛውን አየር አወጣ ብንል እንኳ 20 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይቀራል፤ ሰልፋይቱን ለመጨረስ ከሚበቃው ሰባት እጥፍ ነው። ጎማው በሌሊት ጥቂት ቢያስገባ ሒሳቡ ጨርሶ ይፈርሳል። ከፍሪጅ ጋር ተደምሮ የአንድ ቀን ጭማሪ ቢሰጥ ነው። ገንዘቡን ለትንሽ ጥሩ ጠርሙስ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ።

አርገን ጋዝ የተሻለ ነው፤ ከወይን ጠጅ ጋር አይዋሐድም። ነገር ግን አየሩን የሚያባርረው በቀስታና በብዛት ሲነፋ ነው፤ በኃይል ከተነፋ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። ከሁሉ የሚልቀው ኮራቪን በሚል ስም የሚሸጠው መሣሪያ ሲሆን፣ ቡሹን ሳይነቅል በቀጭን መርፌ ወጋ አድርጎ ወይን ጠጁን እየቀዳ በቦታው አርገን ይተካል። አየር መጀመሪያውኑ ስለማይገባ ለወራት ያቆያል፤ ዋጋው ግን ውድ ጠርሙስ ለሚከፍት ሰው እንጂ ለእሑድ ምሳ አይመጥንም።

በአረፋማው ወይን ጠጅ አንገት ላይ የብር ማንኪያ ማንጠልጠል ምንም አይሠራም፤ ጋዙን የሚይዘው ቅዝቃዜና ጠርሙሱን አንቆ የሚይዝ ክዳን ነው።

ምልክት፦ ገና ሲከፈት እርጥብ ካርቶን ሸቷል

ይህ ከአያያዝዎ ጋር አይገናኝም። ቲ ሲ ኤ የተባለ ውህድ ከቡሹ ወደ ወይን ጠጁ ሲገባ የሚመጣ ጉድለት ነው፤ ፍሪጅም ትንሽ ጠርሙስም አያድነውም። ደረሰኙ ካለ ጠርሙሱን ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱት።